የ2009 ካምሪ ከመግዛትዎ በፊት፦ «ሪኮል የለውም» ማለት ብቻውን አይበቃም

ጥያቄ፦ «ሰላም ወገኖች። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። 128 ሺህ ማይል የሄደ የ2009 ካምሪ፣ ባለ 2.4 ሊትር ሞተር፣ ልገዛ ነው። ሻጩ ያልተሠራ ሪኮል እንደሌለው በስልኩ ከፍቶ አሳይቶኛል። ሌላ ማየት ያለብኝ ነገር አለ?»

ወንድሜ፣ እኔም ከአራት ዓመት በፊት እንዲሁ በስልክ ስክሪን ላይ ዜሮ ቁጥር ታይቶኝ አምኜ መኪና ገዝቻለሁ። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ይህን እንዲያነቡ አደራ እላለሁ።

አንደኛ፣ የሻንሲ ቁጥሩን ራስዎ ከፊት መስታወቱ ሥር አንብበው በ nhtsa.gov/recalls ላይ ያስገቡ። አሥረኛው ምልክት 9 ከሆነ የ2009፣ A ከሆነ የ2010 ሞዴል ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ የ2010 ካምሪ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር 2.5 ሊትር የሆነ ሌላ ሞተር ነውና። ገጹ የሚያሳየው ያልተሠሩ ሪኮሎችን፣ ማለትም የደኅንነት ጥሪዎችን፣ ብቻ ሲሆን፣ ከ15 ዓመት በላይ የቆዩትን ላያሳይ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሾፌሩ በር ባለው የመስኮት ማዘዣ ምክንያት የወጣው ጥሪ የ2009 ካምሪን ይጨምር ነበርና፣ መሠራቱን በአምራቹ ገጽ toyota.com/recall ላይም ያመሳክሩ።

ሁለተኛው ግን ዋናው ነው። የዚህ ሞተር የታወቀ ድካም ዘይት መብላት ነው፤ ይህም ሪኮል ሆኖ አያውቅም። በፒስተኑ ላይ ያለው ዘይት ጠራጊ ቀለበት፣ በጋራዥ ቋንቋ ፋሻ የምንለው፣ በጥቀርሻ ሲታፈን ዘይቱን ከሲሊንደሩ ግድግዳ በሚገባ መጥረግ ያቅተዋል፤ የቀረውም ይቃጠላል። አምራቹ እ.ኤ.አ. በ2011 T-SB-0094-11 የተባለ የጥገና መመሪያ ለጋራዦቹ አወጣ። በኋላም ZE7 በሚል መለያ፣ መኪናው አገልግሎት ከጀመረ 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል እስኪሞላው ድረስ ፒስተንና ፋሻ በነፃ የሚቀየርበትን ዋስትና ሰጠ። ለዋስትናው መለኪያ የነበረው የሚበላው ዘይት መጠን በ1,200 ማይል አንድ ኩዋርት ነበር። የእርስዎ መኪና 10 ዓመቱን ካለፈ ብዙ ጊዜ ሆኖታልና፣ ዛሬ ቢበላ ወጪው የእርስዎ ነው። በ5,000 ማይል አንዴ ብቻ ዘይት የሚቀይር ሰው በዚህ መጠን ከአራት ኩዋርት በላይ ያጣል፤ ሞተሩ የሚይዘውም ከዚያ ብዙ አይበልጥም። የዘይቱ መብራት የሚበራው ግፊት ሲወድቅ ስለሆነ፣ ሲበራ ጉዳቱ ደርሷል።

እኔን ያቃጠለኝ መኪና የሌላ አምራች ሥራ ነበር፤ ችግሩ ግን ያው ነበር። ሻጩ በዋዜማው ዘይቱን ሞልቶት ነበርና መለኪያው ልክ ነበር። ከወር በኋላ ወደ አንድ የጥገና ማዕከል ስወስደው፣ በመስኮቱ ያለው ሰራተኛ ወረቀቴን ሳያነብ «ያረጀ መኪና ዘይት ይበላል» ብሎ መለሰልኝ። ስለ ዋስትናው ስጠይቀውም ጊዜው ከሦስት ወር በፊት እንዳለፈ በንቀት ነገረኝ። ያን ቀን የተሰማኝን አሁንም አልረሳሁትም። ሞተሩ ለመሠራት ከመኪናው ግማሽ ዋጋ በላይ ጠየቀ።

ስለዚህ ቀጣዩን መኪና ስገዛ፣ እሱም የ2009 ካምሪ ነበር፣ ሌላ መንገድ ያዝኩ። ለሻጩ ሳልነግር ማለዳ ሄድኩ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የዘይት መለኪያውን አወጣሁ፤ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ቢሆን ኖሮ ወዲያው እመለስ ነበር። የጭስ ማውጫውን ውስጥ በጣቴ ዳሰስኩ፤ ደረቅ ግራጫ እንጂ ቅባት ያለው ጥቁር አልነበረም። አስነስቼ አሥር ደቂቃ ያህል ቆሞ እንዲሠራ ካደረግኩ በኋላ ነዳጅ ስረግጥ ሰማያዊ ጭስ አልወጣም። የኮምፕሬሽን ምርመራ ግን በዚህ ላይ አይመኩበት፤ ዘይት ጠራጊው ፋሻ ቢታፈንም ሌሎቹ ፋሻዎች ግፊቱን ሊይዙት ይችላሉና።

ከሁሉም በላይ የረዳኝ አንድ ስልክ ነው። የአምራቹ ወኪል ወደሆነ ጋራዥ ደውዬ የሻንሲ ቁጥሩን ሰጠሁና «በዚህ መኪና ZE7 ተሠርቷል?» ብዬ ጠየቅሁ። የመጀመሪያው «ባለቤት ካልሆንክ አንናገርም» ብሎ ዘጋብኝ። ሁለተኛው ግን በትህትና ፈልጎ ፒስተኖቹ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደተቀየሩ ነገረኝ፤ ሻጩም ወረቀቱን አውጥቶ አሳየኝ። ገዛሁት። አሁን በሁለት ዘይት ለውጦች መካከል መለኪያው ብዙም አይወርድም፤ በየ1,000 ማይሉ ግን አሁንም ከፍቼ አያለሁ።

ወረቀቱ ካልተገኘ፣ ሻጩ ዘይቱን ከቀየረ ስንት ማይል እንደሄደ በደረሰኝ ያሳይዎ። ማሳየት ካልቻለ፣ የ2010ሩን ባለ 2.5 ሊትር ይፈልጉ እንጂ በዋጋ ቅናሽ አይታለሉ።