ትንሽ ቻናል ላይ ታምኔል መፈተን

«ወንድሜ፣ የምግብ አሠራር ቻናል አለኝ። ሰብስክራይበሮቼ 1,400 ናቸው። የሽሮ ቪዲዮዬ በወጣ ሰሞን የሽፋን ምስሉን፣ ታምኔሉን፣ ካዩት ከመቶ 6.2 ይከፍቱት ነበር። በአምስተኛው ቀን ታምኔሉን ቀየርኩና ወደ 3.9 ወረደ። ደንግጬ የድሮውን መለስኩት፤ ቁጥሩ ግን አልተመለሰም። ከዚያ በዩቲዩብ በራሱ መፈተሻ ሦስት ታምኔል አስገብቼ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። አሸናፊውን መለየት አልተቻለም አለኝ። እንደኔ ዓይነት ቻናል ላይ መፈተን ይቻላል ወይ?»

እህቴ፣ ይቻላል። ግን መጀመሪያ አዲሱን ታምኔል ከወቀሳ ላውጣው። ቁጥሩን ያወረደው እሱ ለመሆኑ ምንም ማስረጃ የለም። ማስረጃው እንዲያውም በተቃራኒው ነው፤ የድሮውን ስትመልሺ ቁጥሩ አልተመለሰማ።

የሆነው ይመስለኛል ይሄ ነው። ቪዲዮ በወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዩቲዩብ በብዛት የሚያሳየው ለሚያውቁሽ ሰዎች ነው። እነሱ ደግሞ ታምኔሉን ሳይሆን አንቺን አይተው ይከፍታሉ። ከዚያ በኋላ ቪዲዮው ለማያውቁሽ ሰዎች መታየት ይጀምራል። የማያውቅሽ ሰው እጁ ከባድ ነው፤ መቶኛው ይወርዳል። አንቺ ታምኔሉን የቀየርሽው ልክ ተመልካቹ በሚቀየርበት ሰሞን ላይ ነው። ስለዚህ ያወዳደርሽው ሁለት ታምኔል ሳይሆን ሁለት ዓይነት ሰው ነው። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ገብተሽ የቪዲዮውን Traffic source ተመልከቺ። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ለብቻ፣ የቀጣዮቹን አራት ለብቻ። ሰዎች የመጡበት መንገድ ተለዋውጦ ካገኘሽው ነገሩ ተፈታ ማለት ነው።

«በፊት እና በኋላ» ብሎ ማወዳደር እንግዲህ ቀረ። ትክክለኛ ፈተና ሁለቱን ታምኔሎች በአንድ ሰሞን፣ ለአንድ ዓይነት ሰው ያሳያል።

የዩቲዩብ የራሱ መፈተሻ የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ተመልካቹን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል በተመሳሳይ ጊዜ የተለያየ ታምኔል ያሳያል። ከሱ የተሻለ ፍትሐዊ መንገድ በእጃችን የለም። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፤ አሸናፊውን የሚመርጠው በክሊክ ሳይሆን ሰው ቪዲዮውን በማየት ባሳለፈው ጊዜ ነው። ሰው ከፍቶት ወዲያው የሚወጣበት ታምኔል እዚያ አያሸንፍም። ይሄ ለአንቺ ጥሩ ነው።

ታዲያ ለምን መልስ አልሰጠሽም? በቂ ሰው ስላላገኘ ነው። «መለየት አልተቻለም» ማለት «እኩል ናቸው» ማለት አይደለም። ገና አላወቅኩም ማለት ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቪዲዮሽ በሁለት ሳምንት 2,800 ኢምፕሬሽን ያገኛል እንበል። ኢምፕሬሽን የሚቆጠረው የታምኔሉ ቢያንስ ግማሽ ከአንድ ሰከንድ በላይ ስክሪን ላይ ሲታይ ነው። ከመቶ 4 ከከፈቱት 112 ክሊክ ነው። ለሁለት ታምኔል ሲካፈል 56፣ 56። ለሦስት ሲካፈል ደግሞ 37 አካባቢ። አሁን ሳንቲም 112 ጊዜ ብትወረውሪ አንበሳው በትክክል 56 ጊዜ ይወጣል? አይወጣም። 62 ለ50 ቢሆን አትገረሚም። ታምኔልም እንደዚሁ ነው። አንድ ዓይነት ታምኔል ሁለት ቦታ ብታስገቢ እንኳን 62 ለ50 ሊመጣ ይችላል።

እኔ በየቀኑ የምጠቀምባት አንዲት ቀላል ሕግ አለችኝ። ሁለቱ ታምኔሎች ያገኙት ኢምፕሬሽን ሲቀራረብ ክሊኮቻቸውን ደምሪ። የድምሩን ስኩዌር ሩት አውጪና በሁለት አባዢው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከዚያ ካልበለጠ ዝም በይ። የ112 ስኩዌር ሩት 10.6 ነው። በሁለት ሲባዛ 21። ስለዚህ 67 ለ45 ሲሆን ነው ገና አፍ የምንከፍተው። ማለትም አንደኛው ሌላውን በግማሽ ያህል መብለጥ አለበት። ከዚያ ያነሰ ልዩነት ቢኖርም በዚህ መጠን አይታይም።

ከዚህ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የጽሑፍ ቀለም፣ ቀስት፣ ክብ መስመር አትፈትኚ። እነዚህ ልዩነት ቢያመጡም ትንሽ ነው የሚያመጡት፤ ያንን ደግሞ መቶ ሺህ ኢምፕሬሽን ያለው ቻናል እንጂ የአንቺ አያየውም። አንቺ ሐሳብ ፈትኚ። ለምሳሌ «ሀ» በሸክላ ድስት የሚንተከተክ ሽሮ ይሁን፣ ምንም ጽሑፍ የሌለው። «ለ» ደግሞ በግራ በኩል የጓጎለ ሽሮ፣ በቀኝ በኩል የለሰለሰ። አንደኛው «ያምራል» ይላል፣ ሌላው «የእኔም እንዲህ ይሆንብኛል» ያሰኛል። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች ናቸው፤ ልዩነታቸው ትልቅ የመሆን ዕድል አለው። ሦስተኛ አትጨምሪ። ቪዲዮም ስትመርጪ አዲሱን ሳይሆን በየቀኑ ተመጣጣኝ ኢምፕሬሽን የሚያገኘውን የቆየ ቪዲዮ ምረጪ። እሱ ላይ የመጀመሪያው ቀን ግርግር የለም።

ርዕስ መፈተን ትንሽ ይከብዳል። ዩቲዩብ በ2025 መፈተሻውን ለርዕስም እንደሚያመጣ አስታውቋል። ችግሩ ግን ርዕስ ሲቀየር ሰው በፍለጋ የሚያገኝሽ መንገድም አብሮ ሊቀየር ይችላል። «ሽሮ ወጥ አሰራር» የሚለውን አውጥተሽ «እናቴ የደበቀችኝ ሚስጥር» ብትዪ ሽሮ ብሎ የሚፈልገው ሰው ላያገኝሽ ይችላል። የፈተንሽው ርዕስ ሳይሆን ሌላ ተመልካች ይሆናል። ስለዚህ የፍለጋ ቃሎቹ በሁለቱም ርዕስ ውስጥ ይኑሩ። ውጭ ላሉ ሰዎች ብለሽ ሽሮን በላቲን ፊደል የምትጽፊ ከሆነም በሁለቱም ላይ ይቆይ። ቀሪውን ብቻ ለዋውጪ።

ከመፈተሻው ውጭ ክሊኩን ራሱን ማየት ከፈለግሽ በእጅ ይሠራል። 14 ቀን፣ በየቀኑ እየቀያየርሽ። ሰኞ «ሀ»፣ ማክሰኞ «ለ»፣ ረቡዕ «ሀ» እያልሽ ትሄጃለሽ። ሳምንት ሰባት ቀን ስለሆነ ሁለተኛው ሳምንት ራሱ ይገለበጣል፤ ሰኞ «ለ» ይሆናል። በ14ኛው ቀን እያንዳንዱ የሳምንቱ ቀን አንድ «ሀ» እና አንድ «ለ» አግኝቷል። ለሽሮ ቪዲዮ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ፈላጊው ሊበዛ ይችላል፤ እነዚያን ቀናት አንደኛው ታምኔል ብቻውን ከወሰዳቸው ፈተናው ከጅምሩ ተበላሸ። እንደዚሁ 14ቱ ቀናት ጾም የሚገባበትን ወይም የሚፈታበትን ቀን መሃል ላይ እንዳያገኙት አድርጊ።

የምትቀይሪበት ሰዓትም አለው። ስቱዲዮ ላይ አንድ ቀን የሚቆጠረው በካሊፎርኒያ ሰዓት ነው። እዚያ እኩለ ሌሊት ሲሆን እዚህ አዲስ አበባ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ በእነሱ ክረምት፣ ከኅዳር መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ገደማ፣ 5 ሰዓት። ማታ ከቀየርሽ የአንዱ ታምኔል ክሊክ በሌላው ቀን ላይ ይጻፋል። ስለዚህ ጠዋት ቡና ላይ ቀይሪው።

ውጤቱን በየቀኑ እያየሽ አትወስኚ። ሲያልቅ ሁለት ቀን ጠብቂና ቁጥሩን ጻፊ። መቶኛዎችን እየደመርሽ አታካፍዪ፤ የእያንዳንዱን ኢምፕሬሽን ለብቻ፣ ክሊክ ለብቻ ደምሪ። ክሊኩን ለማግኘት የቀኑን ኢምፕሬሽን በመቶኛው አባዢና ለ100 አካፍዪ። አጠቃላይ ቪው አትጠቀሚ። ከቴሌግራም ሊንክ ተጭኖ የመጣ ሰው ቪው ውስጥ ይቆጠራል፤ ኢምፕሬሽን ውስጥ ግን የለም፤ ታምኔሉንም መርጦ አልመጣም። እንዲያውም በእነዚያ 14 ቀናት ሊንኩን ቴሌግራም ላይ ባትለጥፊው ጥሩ ነው።

አንድ ውጤት አብረን እናንብብ፤ ቁጥሮቹ የምሳሌ ናቸው። «ሀ» 1,420 ኢምፕሬሽን፣ 49 ክሊክ። «ለ» 1,460 ኢምፕሬሽን፣ 73 ክሊክ። ድምሩ 122፣ ስኩዌር ሩቱ 11፣ በሁለት 22። ልዩነቱ 24 ነው፤ አለፈ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ አላቆምም። ቀን በቀን አያለሁ። ሐሙስ ላይ «ለ» በ240 ኢምፕሬሽን 25 ክሊክ አግኝቷል። በሌላኛው ሐሙስ «ሀ» በ200 ኢምፕሬሽን 7። ሁለቱን ሐሙሶች ስናወጣ ለሁለቱም 1,220 ኢምፕሬሽን ይቀራል፤ ክሊኩ 42 ለ48 ነው። ስድስት ክሊክ ምንም አይደለም። ድሉ በሙሉ የአንድ ቀን ነበር። ያኔ የዚያን ሐሙስ Traffic source እከፍታለሁ። ቪዲዮው በሌላ ታዋቂ የምግብ ቪዲዮ አጠገብ ታይቶ ከሆነ ምስጋናው ለታምኔሉ አይደለም። እንዲህ ሲያጋጥምሽ ሌላ 14 ቀን ድገሚው። ከተደገመ ደግሞ ሰው ቪዲዮው ላይ የሚቆይበትን ጊዜ አብረሽ እዪ፤ «ለ» ክሊክ እያመጣ ቆይታውን በጣም ካሳጠረ አልመርጠውም።

አንድ ቪዲዮ መቼም በቂ ካልሆነ ሐሳቡን በስድስት ቪዲዮ ላይ ፈትኚው። በሽሮ፣ በምስር፣ በእንጀራ፣ በሁሉም ላይ ያንኑ ጥያቄ ጠይቂ፤ «ያማረው ምግብ ወይስ የተበላሸውና የተስተካከለው ጎን ለጎን?» በእያንዳንዱ ላይ ማን በለጠ የሚለውን ብቻ መዝግቢ። «ለ» ስድስቱንም ካሸነፈ በዕድል የመሆኑ ነገር ከ64 አንድ ነው፤ እኔ በዚህ አምናለሁ። አምስት ለአንድ ከሆነ አዘንብዪ፣ ሁለት ቪዲዮ ጨምሪ። አራት ለሁለት ከሆነ ግን ሁለቱንም ዓይነት እያፈራረቅሽ ተጠቀሚ፤ ልዩነት ቢኖር እንኳን በአንቺ ቻናል መጠን የሚታይ አይደለም።