የማታ ዲግሪ መፈክር

«ቀን ለሚሠሩ ሰዎች የማታ ዲግሪ ልንጀምር ነው። ‹ለብሩህ ነገ› የሚል ባነር ሰቅለን ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ምን ብንል ይሻላል?»

«ሥራዎን ሳይለቁ ዲግሪዎን ይያዙ» በሉ። አንባቢያችሁ ከሥራ ወጥቶ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ የትምህርት ጥቅም አልጠፋውም፣ የሚያሳስበው ደመወዙ ነው።

ከሥሩ ሰዓቱን አስገቡ፤ ለምሳሌ «ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከምሽቱ 11፡30 እስከ 2፡30»። ከሥራ መውጫው ጋር የሚያመሳክረው እሱን ነው።

«በአጭር ጊዜ» የሚል ቃል ግን እንዳትጨምሩ። የማታ ተማሪ በሴሚስተር የሚወስደው ኮርስ አብዛኛውን ጊዜ ከቀን ተማሪው ስለሚያንስ ምርቃቱ ይዘገያል። እኔ በሠራሁበት ኮሌጅ እንዲህ ተብሎ ተጽፎ፣ ተማሪዎች ባነሩን በስልካቸው አንስተው ሬጅስትራር መስኮት ላይ «ይኸው ጽፋችኋል» እያሉ ይከራከሩ ነበር።