የጎን ስፌት ወደ ሆድ ሲዞር፦ ለወጣት ልብስ ሠሪዎች የተጻፈ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ወጣት የሙያ ባልደረቦቼ፣

አንድ ካናቴራ ተሰፍቶ ሲያልቅ የጎን ስፌቱ ከብብት እስከ ታችኛው እጥፋት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ከመጀመሪያዎቹ እጥበቶች በኋላ ግን አንደኛው ስፌት ወደ ሆድ፣ ሌላኛው ወደ ጀርባ ዞሮ ይገኛል። ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የምትወቀሰው ሰፊዋ ናት። ለብዙ ዓመታት በቆረጣ ክፍልና በማጠናቀቂያ ክፍል መካከል ስመላለስ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ጥፋቱ በአብዛኛው ልብሱ መርፌ ሳይነካው በፊት በጨርቁ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጥ መሆኑን ነው። እንዴት እንደሚደበቅና እንዴት አስቀድሞ እንደሚገለጥ ልጽፍላችሁ የተነሣሁትም ለዚህ ነው።

ነገሩ ከክሩ ይጀምራል። ከጥጥ የተፈተለ ነጠላ ክር ጥንካሬ የሚያገኘው በመክረሩ ነው፤ የከረረ ክር ደግሞ ዕድል ባገኘ ቁጥር መልሶ ሊላላ ይፈልጋል። ይህን በእጃችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። አንድ ሜትር ያህል ክር ወጥራችሁ ያዙና ሁለቱን ጫፎች ቀስ በቀስ አቀራርቧቸው፤ መካከሉ በራሱ ላይ እየተጠቀለለ ይቋጠራል። ጥቅልሉ በበዛ መጠን ክሩ ውስጥ የቀረው ጉልበት ብዙ ነው ማለት ነው። ክሩ በሹራብ ማሽን ላይ ወደ ቀለበት ሲለወጥ ይህ ጉልበት አይጠፋም፤ እያንዳንዱ ቀለበት በትንሹ ወደ አንድ ወገን እንዲዘም ይገፋዋል። ቀለበቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው የሚሠሩት ቁመታዊ መስመር፣ በዚህ ደብዳቤ ዓምድ የምለው፣ አብሮ ይዘማል። ክሩ ወደ ቀኝ የከረረ ከሆነ፣ አብዛኛው የጥጥ ክርም እንደዚያ ነው፣ ጨርቁን ከፊቱ ስታዩት ዓምዶቹ ወደ ላይ እየወጡ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ።

ይህ ችግር በተለይ የሲንግል ጀርሲ ችግር ነው። በሪብና በኢንተርሎክ ጨርቅ ላይ የፊትና የኋላ ቀለበቶች እርስ በርሳቸው ተቃራኒ ስለሚገፉ ግፊቱ ይጣፋል። በሲንግል ጀርሲ ግን ቀለበቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ፊት ስለሚመለከቱ የሚመክታቸው የለም። ቀለበቱ ትልቅና ልል በሆነ መጠንም ለመዞር ሰፊ ቦታ ያገኛል፤ ስለዚህ ክር ለመቆጠብ ሲባል ልል ተደርጎ የተሠራ ጨርቅ ጠብቆ ከተሠራው ይልቅ አብዝቶ ይዘማል።

ክብ ማሽኑም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። 90 ክር መጋቢ ያለው ማሽን አንድ ጊዜ ሲዞር 90 አግድም ረድፍ ይሠራል። ጨርቁ በአንድ ሴንቲ ሜትር 18 ረድፍ ቢኖረው፣ በአንድ ዙር 5 ሴንቲ ሜትር ተሠርቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ የቱቦው ዙሪያ 160 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ረድፉ ዙሪያውን አዳርሶ ሲመለስ ከተነሣበት በ5 ሴንቲ ሜትር ተዛንፎ ይገኛል። ይህ ሁለት ዲግሪ የማይሞላ መዝመም ነው። እንደ ማሽኑ መዞሪያ አቅጣጫ በክሩ ላይ ሊደመር ወይም ከእርሱ ሊቀነስ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ጨርቁ ከማቅለሚያ ወጥቶ፣ ቱቦው ተሰንጥቆ ወደ ስቴንተር ሲገባ፣ ማለትም ሁለቱን ጠርዞች በመርፌ ይዞ በሙቅ አየር ወደሚያደርቀው ረጅም ማሽን ሲገባ፣ የማሽኑ ሠራተኛ ረድፎቹ አግድም ቀጥ እንዲሉለት አንዱን ጠርዝ ያስቀድማል፣ ሌላውን ያስዘገያል። ጨርቁም ዓምዱና ረድፉ በትክክል መስቀለኛ ሆነው ይደርቃል። ተቆጣጣሪው አይቶ ያጸድቀዋል፣ ቆራጩም ይደሰትበታል። ነገር ግን የክሩ ጉልበት አልጠፋም፤ በድርቀት ብቻ ተይዞ ቆሟል። ውኃና የማጠቢያ ማሽን እንቅስቃሴ ሲያገኘው ቀለበቶቹ ወደሚፈልጉት ቦታ ይመለሳሉ። እንግዲህ ልብሱን የሚያጣምመው ጨርቁ መዝመሙ ሳይሆን መዝመሙ ሳይታይ መቆረጡ ነው። ይህን አንድ ነጥብ ከተረዳችሁ የቀረውን ራሳችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ።

ከነጠላ ክር የተሠራ ባለ አንድ ቀለም ጀርሲ በእጄ የገባበትን አንድ ሥራ ልንገራችሁ። ጨርቁ ለዓይን እንከን አልነበረውም። የመጀመሪያዎቹ ካናቴራዎች ታጥበው ሲመለሱ ግን የጎን ስፌቱ ከታች ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ዞሮ ነበር። እኔም ያልታጠበ ጨርቅ ቆርጬ ጎኑ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ በማይለቅ ቀለም አሰመርኩበት፣ ሦስት ጊዜ አጥቤ በማድረቂያ ማሽን አደረቅሁት፣ ከዚያም ሳልጎትተው በጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ጥቂት ሰዓታት አሳረፍኩት። ከመታጠቡ በፊት ሁለቱም የካሬው ሰያፍ መስመሮች እኩል 35.4 ሴንቲ ሜትር ነበሩ። ከታጠበ በኋላ አንዱ 35.4፣ ሌላው 33.0 ሆነ። ልዩነታቸው 2.4 ነው፤ እጥፉ 4.8 ለድምራቸው ለ68.4 ሲካፈል ሰባት በመቶ ያህል ይሆናል። በ45 ሴንቲ ሜትር የጎን ስፌት ላይ ሰባት በመቶ ማለት 3.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በካናቴራዎቹ ላይ ያየሁትም ይህንኑ ነበር። ገዥዎች ብዙ ጊዜ የሚታገሡት እስከ አምስት በመቶ ስለሆነ፣ ይህ ጨርቅ እንዳለ ሊቆረጥ የማይገባው ነበር።

በዚያን ጊዜ አንድ ትጉህ ወጣት ቆራጭ የኋላውን ክፍል ከላይ ወደ ታች ገልብጠን ብንቆርጠው የፊቱና የኋላው መዝመም አይጣፋም ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው መልካም ስለሆነ ለእናንተም ልመልሰው። በወረቀት ላይ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ሰረዝ ጻፉና ወረቀቱን ግማሽ ዙር አዙሩት፤ ሰረዙ አሁንም ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው። ጨርቁም እንደዚሁ ነው። የፊቱም የኋላውም ክፍል ከውጭ ሲታዩ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚዘሙ፣ ሁለቱ ተጋጥመው ሲሰፉ አካሉን እንደ ገመድ ያዞሩታል። አንዱ ስፌት ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ የሚሄደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ግፊቱን ሊያጣፋ የሚችለው የአንደኛውን ክፍል ውስጡን ወደ ውጭ ማድረግ ብቻ ነው፤ የጀርሲ ፊትና ጀርባ ግን ስለማይመሳሰሉ ያ መፍትሔ አይሆንም።

የቀረውን ጨርቅ ያዳንነው በማጠናቀቂያ ክፍል ነው። ጨርቁን መልሰን አረጠብነው፤ ከዚያም በስቴንተሩ ላይ ረድፎቹን ማቅናቱን ትተን፣ የታጠበው ናሙና በዘመመበት አቅጣጫና መጠን ራሳችን አዘመምነው። በቁመቱ እንዳይወጠርም ጨርቁን ከሰንሰለቱ ፍጥነት በበለጠ ፍጥነት እየመገብን አደረቅነው። ከስቴንተሩ ሲወጣ ዓምዶቹ ከጠርዙ ጋር ትይዩ ሆነው ረድፎቹ ግን ያዘነበሉ ነበሩ። ከዚህ ጨርቅ ላይ ከጠርዙ ጋር አስተካክዬ ያሰመርኩት አዲስ ካሬ ከእጥበት በኋላ ሰያፎቹ 34.6 እና 34.2 ሆኑ። በዚያው ስሌት ከአንድ በመቶ ጥቂት ያለፈ ነው፤ በጎን ስፌቱ ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ጨርቁ ቀድሞውኑ ወደሚፈልግበት ቦታ ስለደረሰ ውኃው የሚወስድበት ሌላ ቦታ አልነበረውም።

እንዲህ ያለ ጨርቅ ወደ ቆረጣ ሲመጣ ከሠራተኛው ልማድ መጠበቅ አለበት። ንጣፍ የሚያነጥፍ ሰው ረድፉ አዘንብሎ ሲያይ፣ ስህተት መስሎት ጥጉን ይዞ ይጎትትና ያቀናዋል፤ በዚያች አንዲት እንቅስቃሴ የማጠናቀቂያው ሥራ ሁሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ለአንጣፊው መለኪያው ዓምዱ እንጂ ረድፉ አለመሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩት። የፓተርኑ የቁመት መስመር ከዓምዱ ጋር ትይዩ ይቀመጥ፤ ዓምዱን በዓይን መከተል ካስቸገረ ከጠርዙ አጠገብ አንድ ቀለበት እየፈታችሁ ወይም በመርፌ ጫፍ እየተከተላችሁ መስመሩን አግኙት። ጥቅልሉ ተፈትቶ ጨርቁ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይወጠር ተጣጥፎ ይረፍ፤ የሚለጠጥ ላስቲክ ክር ካለበት እጥፍ ጊዜ ስጡት። ንጣፉ ሲዘረጋም በእጅ ክብደት እንኳ አይወጠር።

ይህ መፍትሔ ወሰን አለው፤ በባለ መስመር ጨርቅ ላይ አይሠራም። ረድፉ ሰባት በመቶ ካዘነበለ በ50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ መስመሩ 3.5 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ በጎን ስፌት ላይም የፊቱ መስመር ከኋላው ጋር አይገጥምም። በባለ አንድ ቀለም ደቃቅ ጀርሲ የማይታየው ማዘንበል እዚህ ላይ ገና ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ ለባለ መስመር ጨርቅ መድኃኒቱ መፈለግ ያለበት ከሹራብ ማሽኑ በፊት ነው፦ ክረቱ ዝቅ ያለ ወይም በእንፋሎት የረጋ ክር መምረጥ፣ ሁለት ነጠላ ክሮች ከተፈተሉበት በተቃራኒ አቅጣጫ የተገመዱበትን ድርብ ክር መጠቀም፣ ወይም ወደ ቀኝና ወደ ግራ የከረሩ ክሮችን በመጋቢዎቹ ላይ እያፈራረቁ ማስገባት፣ ቀለበቱንም ማጥበቅ። ድርብ ክር ዋጋው ከፍ ይላል፤ የረዘመ እጥበት የሚጠብቀው ልብስ ከሆነ ግን እኔ እርሱን እመርጣለሁ።

የዞረ ልብስ በእጃችሁ ሲገባ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ከዚያው ቆረጣ ያልታጠበ አንድ ልብስ አምጥታችሁ ከታጠበው ጋር አስተያዩ። በሁለቱም ላይ ዓምዱ ከጎን ስፌቱ ጋር ትይዩ ሆኖ፣ በታጠበው ላይ ብቻ ዓምዱና ረድፉ ከመስቀለኛነት ከወጡ፣ ጥፋቱ በጨርቁና በማጠናቀቂያው ነው። ባልታጠበውም ላይ ዓምዱ ስፌቱን እያቋረጠ የሚሄድ ከሆነ፣ ፓተርኑ በንጣፉ ላይ ተጣሞ ተቀምጧል። ዓምዱም ረድፉም ደህና ሆነው ስፌቱ የተሸበሸበ ከሆነና የሁለቱ ክፍሎች ምልክቶች ካልገጠሙ ግን፣ የልብስ ስፌት ማሽኑ የታችኛውን ጨርቅ ከላይኛው ይልቅ አፍጥኖ እየሳበ ነው፤ ያኔ ብቻ ወደ ሰፊዋ ጠረጴዛ ሂዱና የመሳቢያውን ጥርስና የእግሩን ጫና አስተካክሉላት።