ፍሪጁን ከዲቫይደሩ ላይ አውርጂው

«ጋሼ፣ ለገጣፎ ነው የምንኖረው። ማታ ስቶቩና የውሃ ማፍያው ሲሠሩ ፍሪጁ ያቃስትና ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። ሦስቱም አንድ ዲቫይደር ላይ ናቸው። ሰሞኑን ደግሞ በሩን ስነካው ይነዝረኛል። ተበላሽቶ ይሆን?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፊና የፍሪጁን ስፒና ንቀዪ። የሚነዝር ነገር ለነገ አይባልም።

አሁን ዲቫይደሩን ገልብጪና ጀርባውን አንብቢ። ብዙውን ጊዜ 10 አምፔር ነው የሚለው። ስቶቩ 1500 ዋት፣ ማፍያው 2000 ዋት ነው እንበል። 3500ን ለ220 ስታካፍዪው ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ብሬከሩ ታዲያ ለምን ዝም አለ ትዪኝ ይሆናል። ብሬከሩ የሚጠብቀው ግድግዳው ውስጥ ያለውን ወፍራም ሽቦ ነው እንጂ የዲቫይደርሽን ቀጭን ገመድ አያውቀውም፤ ገመዱ ቢቀልጥ እንኳ እሱ ምንም ላይመስለው ይችላል። ስፒናው ከጋለ ወይም ቀዳዳው ዙሪያ ከጠቆረ ጣዪው፣ አይጠገንም።

ፍሪጁ እዚህ ውስጥ ተበዳዩ ነው። ሲሠራ 1 አምፔር እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ሞተሩ ሲነሳ ግን ለቅጽበት የዚያን ብዙ እጥፍ ይስባል። ማታ እኛ ሰፈር መብራቱ እንደሚደክም ታውቂያለሽ፤ በዚያ ላይ የላላ ሶኬትና በስቶቭ የተጨናነቀ ገመድ ሲጨመርበት ሞተሩ መነሳት ያቅተውና ያቃስታል፣ ይግላል፣ ከዚያ መከላከያው ቀጭ ብሎ ይቆርጠዋል። ሲበርድ እንደገና ይሞክራል። ኮምፕሬሰር የሚቃጠለው እንዲህ እየተደጋገመ ነው። ስለዚህ ፍሪጁ ለብቻው፣ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካ። ስቶቩና ማፍያውም ከዲቫይደር ይውረዱ፣ ባንድ ጊዜም አይሥሩ።

ወደ ንዝረቱ ስንመጣ፣ ጉዳዩ የኧርዝ ነው፤ ወደ ፍሪጁ አካል ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ መሬት የሚያደርሰው ሽቦ ማለት ነው። ባለፈው አንድ ደንበኛዬ ቤት ዲቫይደር ፈታሁ። ከውጭ ሲታይ የኧርዙ ብረት በየቀዳዳው ጎንና ጎን አለ፣ ገመዱ ውስጥ ግን ሁለት ሽቦ ብቻ! ብረቱ ለጌጥ ነው የተቀመጠው። ያንቺም እንደዚያ ሊሆን ይችላል። የግድግዳው ሶኬትም ቢሆን ከጀርባው ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ካልታሰረበት ያው ነው፤ አንዳንድ ሠራተኛ ቆርጦ ወደ ኋላ ያጥፈዋል። ኤሌክትሪሺያን ይፍታውና ይይ፣ ሽቦው ቆጣሪው አጠገብ መሬት ውስጥ ከተቀበረው የመዳብ ዘንግ ጋር መገናኘቱንም በመሣሪያ ይለካ። ዘንጉ ከሌለ ይቀበር።

«ኧርዙን ከኒውትራሉ ጋር ላገናኝልሽ» የሚል ከመጣ ግን አሰናብቺው። ኒውትራሉ አንድ ቀን ቢበጠስ የፍሪጁ አካል በሙሉ 220 ይሆናል።

ኧርዙ ተስተካክሎ፣ ፍሪጁ ለብቻው ተሰክቶ፣ መብራቱም ደህና ሆኖ አሁንም ቀጭ ካለ ያኔ ማስነሻው ሪሌይ ይታይ። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ኮምፕሬሰር ግዢ የሚልሽን ከማመንሽ በፊት እሱን አስቀይሪ።