“ካዝን” የማን ልጅ ነው?

ጥያቄ፦ አንድ ልብ ወለድ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ ነው። ታሪኩ ውስጥ “አንክል” እና “ካዝን” የሚባሉ ዘመዶች ሞልተዋል። ጓደኛዬ “በእናት በኩል ይሁን በአባት በኩል ሳታውቅ እንዳትተረጉም” ይለኛል። እኔ ደግሞ “አጎት” እና “የአጎት ልጅ” ብዬ ልለፈው እያልኩ ነው። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ “አንክል” ላይ ከጓደኛዎ ይልቅ እርስዎ ለእውነቱ ይቀርባሉ። “ካዝን” ላይ ግን ሁለታችሁም ስታችኋል።

ጓደኛዎን ያስጨነቀው ነገር አማርኛን ብዙም አያስጨንቀውም። የእናትም ወንድም የአባትም ወንድም አጎት ነው። የእናትም እህት የአባትም እህት አክስት ናት። ወገኑን የሚጠይቅ ካለ ያኔ ይነገረዋል እንጂ ቃሉ ራሱ አያስገድድም። አማርኛ የሚያስገድደው ሌላ ነገር ነው። “የአጎቴ ልጅ” ሲሉ ያገናኛችሁ ሰው ወንድ ነው ማለትዎ ነው። “የአክስቴ ልጅ” ሲሉ ደግሞ ሴት ናት። ከሁለቱ አንዱን ሳይመርጡ ዝምድናውን መጥራት አይችሉም። እንግሊዝኛው “ካዝን” ይህን ፈጽሞ አይናገርም። የዘመዱንም ፆታ አይናገርም። አማርኛ ግን ግሱ ላይ ሲደርስ “መጣ” ወይስ “መጣች” ብሎ ያፋጥጥዎታል። ለአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት ነገር ማጣራት አለብዎት ማለት ነው።

“አንክል” ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። እንግሊዝኛ የአክስትንም ባል በዚሁ ቃል ይጠራል። በአማርኛ እሱ የአክስት ባል ነው። በአፍ “አጎቴ” የሚለው ሰው አይጠፋም፤ በጽሑፍ ግን አንባቢ “አጎቴ” ሲባል የሚረዳው የሥጋ ዘመድ ነው። “አንት” የምትባለዋም እንዲሁ ናት። አክስት ልትሆን ትችላለች፤ የአጎት ሚስትም ልትሆን ትችላለች።

ይህ ምን ያህል እንደሚያሳስት አንድ ገጠመኝ ላንሳ። ከዓመታት በፊት የአንድ ልብ ወለድ ትርጉም እንዳርም ተሰጥቶኝ ነበር። ስሞቹን ልቀይርና ነገሩን ልንገርዎት። ተራኪው ልጅ ወላጆቹ ሞተውበት ሮበርትና ማርጋሬት የሚባሉ ባልና ሚስት ያሳድጉታል። ሄለን የምትባል ልጅ አለቻቸው። እንግሊዝኛው ሮበርትን “አንክል”፣ ማርጋሬትን “አንት”፣ ሄለንን “ካዝን” ይላል። ተርጓሚው ሳያመነታ “አጎቴ ሮበርት”፣ “የአጎቴ ሚስት”፣ “የአጎቴ ልጅ ሄለን” ብሎ ቀጠለ። ቤቱ የሮበርት ስለሆነ ዝምድናውም በሮበርት በኩል መሰለው።

ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ማርጋሬት አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ አውጥታ ታለቅሳለች። ፎቶግራፉ ላይ ያለችው የተራኪው እናት ናት፤ የማርጋሬት ታላቅ እህት። በቃ፣ ሦስቱም ቃላት በአንድ ጊዜ ፈረሱ። ማርጋሬት አክስት፣ ሮበርት የአክስት ባል፣ ሄለን የአክስት ልጅ ሆኑ። ተርጓሚው ይህን ምዕራፍ በትክክል ነበር የተረጎመው። ወደ ኋላ ተመልሶ ስምንቱን ምዕራፎች ግን አላረመም። አንባቢው ስምንት ምዕራፍ ሙሉ የአጎት ሚስት ያላት ሴት በድንገት የእናት እህት ሆና ትመጣበታለች።

ከቃሉም አልፎ የታሪኩ ስሜት ተበላሽቷል። ሮበርት ልጁን ሲጨክንበት፣ “አጎቴ” ካልነው የሥጋ ዘመድ ጭካኔ ይሆናል። “የአክስቴ ባል” ካልነው ደግሞ የባዕድ ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ሸፍኖ ያልፋል። አማርኛ መሸፈኛ የለውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው። እያነበቡም ባዶ ወረቀት ላይ የቤተሰቡን ዛፍ ይሳሉ። ለእያንዳንዱ “ካዝን” አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ ከእሱ ወይም ከእሷ ወላጆች መካከል ለተራኪው ወላጅ እህት ወይም ወንድም የሆነው የትኛው ነው? መልሱ አባቷ ከሆነ ሄለን የአጎት ልጅ ናት። እናቷ ከሆነች የአክስት ልጅ።

መልሱ ብዙ ጊዜ በግልጽ አይጻፍም፤ ከፍንጭ ነው የሚለቀመው። የቤተሰብ ስም አንዱ ፍንጭ ነው። ተራኪውና “ካዝኑ” አንድ የቤተሰብ ስም ካላቸውና ሁለቱም ስሙን ከአባት ከወረሱ፣ አባቶቻቸው ወንድማማቾች ሳይሆኑ አይቀሩም። የስሙ መለያየት ግን እምብዛም አይረዳም። የእናት ወንድም ልጅም፣ የአባት እህት ልጅም፣ የእናት እህት ልጅም የተለየ ስም ሊይዙ ይችላሉ። ያገባች ሴት በባሏ ስም ስትጠራ ደግሞ ፍንጩ ጭራሽ ይጠፋል። እኔ ከስም ይልቅ የማምነው ለቅሶን፣ ውርስንና አያትን ነው። ማን ለማን አለቀሰ? የአያት ቤት ለማን ደረሰ? “እናታችን” የሚባባሉት እነማን ናቸው? ደራሲው ዝምድናውን የሚያፈተልክለት እዚህ እዚህ ቦታ ነው።

አንድ ሌላ ቦታ አለ፣ ብዙ ተርጓሚ የሚንሸራተትበት። እንግሊዝኛ “ካዝን” ሲል ለሁለቱም ወገን እኩል ይሠራል። እኔ ለእርስዎ “ካዝን” ከሆንኩ እርስዎም ለኔ እንዲሁ ነዎት። አማርኛ እንዲህ አይደለም። እናቴ የአባትዎ እህት ናት እንበል። እርስዎ ለኔ የአጎት ልጅ ነዎት። እኔ ግን ለእርስዎ የአክስት ልጅ ነኝ። አንድ ዝምድና፣ ሁለት ስም። ስለዚህ አንዱ ገጸ ባሕርይ “የአጎቴ ልጅ ነው” ካለ፣ ሌላው መልሶ “አዎ፣ የአጎቴ ልጅ ነው” ማለት የሚችለው አባቶቻቸው ወንድማማቾች ከሆኑ ብቻ ነው።

“እኛ ካዝኖች ነን” የሚል ዓረፍተ ነገር ሲመጣስ? እዚህ ላይ አማርኛ ቆንጆ መንገድ አለው፤ ከልጆቹ ሳይሆን ከወላጆቹ ይነሣል። “የወንድማማች ልጆች ነን”፣ “የእህትማማች ልጆች ነን”፣ “የእህትና የወንድም ልጆች ነን።” ማንም ሰው ይህን ሲሰማ አይደናገርም። ተርጓሚዎች ለምን እንደሚረሱት አይገባኝም። “እኛ የአጎት ልጆች ነን” ብለው ይጽፋሉ፣ እናቶቻቸው እህትማማች የሆኑትን ሁሉ።

አሁን ወደ ጓደኛዎ ልመለስ። ጭንቀቱ ከንቱ አይደለም፤ ከሌላ ቋንቋ ሲተረጎም ነው ቦታው። ትግርኛ የአባትን ወንድም ሓወቦ፣ የእናትን ወንድም አኮ ይላል። የአባት እህት አሞ ናት፤ የእናት እህት ሓትኖ። ዐረብኛም የአባትን ወንድም “ዐም”፣ የእናትን ወንድም “ኻል” ብሎ ይለያል። ነገሩን አስቂኝ የሚያደርገው የእንግሊዝኛው “አንክል” ራሱ የመጣው በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲኑ “አቩንኩሉስ” መሆኑ ነው። ትርጉሙም የእናት ወንድም ብቻ ነበር። የአባት ወንድም ሌላ ቃል ነበረው። “ካዝን”ም ከላቲን የእህትማማች ልጅ ከሚባልበት ቃል ነው የወረደው። ዛሬ ወገን የማይለዩት ሁለቱ ቃላት የተወለዱት ከእናት ወገን ነው።

ከትግርኛ ወይም ከዐረብኛ ሲተረጉሙ ልዩነቱ ታሪኩን የሚነካ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። ሰውየው መጀመሪያ ሲመጣ “የእናቴ ወንድም” ይበሉት። ከዚያ ወዲያ “አጎቴ” ይበቃዋል። ሁለት አጎቶች፣ አንዱ ከእናት አንዱ ከአባት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ከተገናኙ ግን በስም ይለዩዋቸው። በየመስመሩ “የእናቴ ወንድም፣ የአባቴ ወንድም” እያሉ ቢቀጥሉ ልብ ወለዱ የፍርድ ቤት መዝገብ ይመስላል።

“የእናቴ አጎት” እንዳይሉ ብቻ! ይህን ስሕተት ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ጸሐፊው “በእናቴ በኩል ያለው አጎቴ” ማለቱ ነው። አማርኛው የሚለው ግን እናቴ አጎቴ የምትለው ሰው ነው፤ ማለትም የአያቴ ወንድም። ሰውየው ሳያስበው አንድ ትውልድ ወደ ላይ ወጣ። “በእናቴ በኩል አጎቴ” ወይም “የእናቴ ወንድም” ካሉ ሰላም ነው።

ስለ አጠራርም አንድ ነገር ልጨምር። “አንክል ሮበርት” የሚለውን “አጎት ሮበርት” ብለው የሚጽፉ አሉ። “አጎት” ግን እንደ “ዶክተር” ማዕረግ አይደለም፤ ባለቤት ይፈልጋል። “አጎቴ ሮበርት” ሲሉ ያምራል። “አጎት ሮበርት” ግን የማን አጎት እንደሆነ የጠፋው ሰው ይመስላል።

የቀረው መጽሐፉ እስከ መጨረሻው ዝም ካለ ነው። ደራሲው በሕይወት ካለና ከተገኘ ይጠይቁት። ካልተገኘና አንድም ገጽ የሚቃረን ነገር ከሌለው፣ “የአክስት” ወይም “የአጎት” ብለው አንዱን ይምረጡ። ዛፉ ላይ ይጻፉት፤ ከዚያ ወዲያ አይለውጡት። “ዘመዴ” ብሎ ማምለጥን አልወድም። “ዘመዴ” የሩቁንም የቅርቡንም ስለሚይዝ፣ አብረው ያደጉ ልጆችን ያራርቃቸዋል። ወጣት ገጸ ባሕርያት ሲያወሩ ግን “ካዝኔ ነው” ቢባባሉ አልቃወምም። ከተማ ውስጥ እንዲህ የሚል ወጣት ሞልቷል፤ እሱም የሚለው የእርስዎ ዓይነት ችግር ሲገጥመው ይመስለኛል።