ካርዴን ተቀብላ የሄደችው ባለሙያ

ባለፈው ወር ባሕር ዳር ላይ ከአንድ የውኃ ምሕንድስና ተመራቂ ጋር ቡና ስንጠጣ፣ «ጋሼ፣ ቴሌግራምና ሊንክድኢን እያሉ የራስ ድረ ገጽ ምን ያደርጋል?» ብሎ ጠየቀኝ። በወቅቱ አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም፤ ሐሳቤ በ2008 ዓ.ም. እዚያው ከተማ በአንድ ስብሰባ ላይ ወዳገኘኋት ባለሙያ ሄዶብኝ ነበር።

በሻይ ዕረፍት ላይ በዳንግላ በኩል ስላጎለበትነው አንድ ምንጭ አጫወትኋት። ከእኛ በፊት የተሠራው የምንጭ ሳጥን መውጫ ቧንቧው ከምንጩ ዓይን ከፍ ብሎ ተቀምጦ ስለነበር፣ በሳጥኑ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ዓይኑን መልሶ እየተጫነው ምንጩ ሌላ መንገድ ፈልጎ ከታች ባለው ማሳ መሐል መውጣት ጀምሮ ነበር። ሳጥኑን አፍርሰን፣ ዓይኑ እስኪገኝ ወደ ተራራው ቆፍረን፣ ቧንቧውን ከዓይኑ ዝቅ አድርገን ስንሠራው ደርቆ የነበረው ቦኖ እንደገና ውኃ አገኘ። ባለሙያዋ ነገሩን በስብሰባው መርሐ ግብር ጀርባ ላይ እንድሥልላት ጠየቀችኝ፤ ሣልሁላት። ካርዴንም ሰጠኋት፤ የድረ ገጼ አድራሻ ስለተጻፈበት በጣም ኮርቼበት ነበር።

ከዓመት በላይ ቆይተን አዲስ አበባ ስንገናኝ፣ «እርስዎን እኮ ፈልጌዎት ነበር» አለችኝ። ያን ዕለት ማታ በሆቴሏ ሆና በስልኳ ገጼን ከፍታው ኖሯል። መጀመሪያ ገጹ ነጭ ሆኖ ቆየባት። በፊተኛው ገጽ ላይ ከካሜራ እንደወጡ የጫንኋቸው 12 ፎቶዎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው 4 ሜጋባይት ቢሆኑ በድምሩ 48 ሜጋባይት፣ ማለትም 384 ሜጋቢት ይሆናሉ፤ በሰከንድ አንድ ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ይህ ከስድስት ደቂቃ በላይ ነው። እሷ ግን ታግሣ ጠበቀች። ከዚያ ምንጩን ፈለገችው፤ አልነበረም። የነበረው «የውኃ አቅርቦት፣ የመስኖና የማማከር አገልግሎት» የሚል ጽሑፍና የእኔ በክራባት የተነሣሁት ፎቶ ነው። በመጨረሻ ኢሜይል ላከችልኝ፤ ገጹ ላይ ያለው አድራሻ የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ነበርና ከለቀቅሁ በኋላ ተዘግቶ ስለነበር መልእክቱ ተመለሰባት። ካርዱ ላይ ስልክ አልነበረም፤ በጊዜው ካርዱ ሲጨናነቅ አያምርም ብዬ ነው ያስወጣሁት። የብዙ ምንጮችን ንድፍ የሚመረምርላት ሰው ትፈልግ ነበርና ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ።

ለዚያ ልጅ ያልመለስሁለት መልስ እዚህ ውስጥ አለ። አግኝቷችሁ የሄደ ሰው ገጻችሁን የሚከፍተው እናንተን ለማወቅ አይደለም፤ አውቋችኋል። የሚመጣው ያጫወታችሁትን ያንኑ አንድ ነገር ፍለጋ ነው። በቴሌግራም ቻናል ላይ ያ ሥራ ከላዩ የበዓል መልካም ምኞትና የወዳጅ ሠርግ ተከምሮበት ይገኛል፤ ሊንክድኢን ደግሞ አባል ላልሆነ ሰው ብዙውን ጊዜ ግባ ወይም ተመዝገብ ይላል። በራሳችሁ ገጽ ላይ ግን ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ አድራሻ ያለው ገጽ መክፈት ትችላላችሁ። እኔ ዛሬ የምንጩን ገጽ መጨረሻው `/minch` እንዲሆን አድርጌዋለሁ፤ ከሰው ጋር በተለያየሁበት ምሽት የምልከውም የዋናውን ገጽ ሳይሆን የዚህን አድራሻ ነው። በውስጡ ችግሩ ምን እንደነበር፣ ምን እንዳደረግን፣ የእኔ ድርሻ የትኛው እንደነበር፣ ከሥሩም የማይለወጥ የግል ኢሜይሌና ስልኬ አለ። ፎቶዎቹን ወደ 1600 ፒክስል ስፋት አሳንሼ እያንዳንዳቸው ከ250 ኪሎባይት እንዳይበልጡ አድርጌያለሁ፤ አራት ብቻ ስለሆኑ በዚያው ደካማ መስመር በስምንት ሰከንድ ገደማ ይከፈታሉ። ይህን በቢሮ ኮምፒዩተር መሞከር ያታልላል፤ ኮምፒዩተሩ ቀድሞ የከፈተውን ያስቀምጣልና በሌላ ሰው ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ነው መሞከር ያለበት።

የዛሬ ወጣቶችን ገጽ ስከፍት «አውቶካድ 90 በመቶ» የሚል መስመር አያለሁ፤ ከምን ላይ 90 እንደሆነ እስካሁን የነገረኝ የለም። ስለ ወረቀት ካርድም ዘመኑ አልፏል ብዬ ስከራከር እኖራለሁ፤ ሆኖም ባለፈው መስከረም 200 አሳትሜያለሁ፤ በዚህኛው ላይ ስልክ አለ።

ልጁ በማግስቱ የራሱን ገጽ ላከልኝና ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ቆሜ ከፈትሁት። ቶሎ ተከፈተ፤ ግን ሁሉም ፎቶ የተጠናቀቀ ሥራ ነው። የምንጭ ዓይን ሳጥኑ ከተገነባና አፈር ከተመለሰበት በኋላ ዳግመኛ ፎቶ አይነሣም፤ እኔም ቢሆን የዳንግላው ዓይን ከመሸፈኑ በፊት የተነሣ አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያለኝ፤ እሱንም አንዱ ሠራተኛ በስልኩ ያነሣው ስለሆነ ደብዘዝ ያለ ነው። በገጹ ላይ ከሁሉ በላይ ያስቀመጥሁት እሱን ነው።