8 ቁጥርና 38 ለምን አንድ አይሆኑም

ጥያቄ፦ «እህቴ ከአሜሪካ 8 ቁጥር ጂንስ ላከችልኝ በጣም ሰፋኝ። እዚህ የገዛሁት የቱርክ 38 ደግሞ ጭራሽ አልቆለፍ አለኝ። 8 እና 38 እኩል ነው ይባላል እኮ። ቫኒቲ ሳይዝ የሚሉትስ ምንድነው?»

እህቴ ሰውነትሽ ምንም አልሆነም፣ ቁጥሩ ነው። እኔ አሜሪካ ነው ያለሁት፣ ስራዬ ልብስ ማስተካከል ነው፣ ሱሪ ማጥበብ ማሳጠር ቀሚስ ማስፋት፣ ቀኑን ሙሉ ሜትር አንገቴ ላይ ነው የሚውለው፣ እና ታግ ላይ የተጻፈ ቁጥር ማመን ከተውኩ ቆየሁ።

የአሜሪካ የሴቶች 8 ኢንችም አይደለም ሴንቲም አይደለም፣ ስም ብቻ ነው። በፈረንጆቹ 1958 መንግስት ባወጣው ስታንዳርድ 8 ቁጥር ማለት ወገቧ 23 ኢንች ተኩል የሆነች ሴት ነበረች። ያ ስታንዳርድ ግዴታ አልነበረም፣ በ1983 ጭራሽ ተነሳ። በ1995 በወጣው አዲስ ስታንዳርድ ላይ (እሱም ግዴታ አልነበረም) ያችው 8 ቁጥር ወገቧ 27 ኢንች ሆነ። ቁጥሩ እዛው ቆሞ ወገቡ ወደ 9 ሴንቲ ሰፋ ማለት ነው። ቫኒቲ ሳይዝ የሚሉት ይሄንን ነው፣ ሰፋ ያለ ልብስ ላይ አነስ ያለ ቁጥር መለጠፍ፣ ምክንያቱም 12 የምትለብስ ሴት 8 ሲገባት ደስ ብሏት ትገዛለች፣ ተመልሳም እዛው ሱቅ ትመጣለች። ቁጥሩ ወደ ታች ሲወርድ ሲወርድ ለቀጫጭኖቹ የሚሰጥ ስለጠፋ ነው 0 ከዛም 00 የመጣው። የሙሽራ ቀሚስ ግን አብዛኛው በድሮው ልክ ስለቀረ 8 የምትለብስ ሙሽራ 12 እዘዢ ስትባል ትደነግጣለች፣ እኔ ጋ መጥተው ያለቀሱ አሉ፣ በቁጥር! የወንዶች ሱሪ ላይ ደግሞ የተጻፈው ኢንች ነው አይዋሽም እንላለን አይደል፣ በ2010 አንድ የአሜሪካ መጽሔት 36 የተባሉ ሱሪዎችን ሲለካ ወገባቸው ከ37 እስከ 41 ኢንች ነው የወጣው።

የ38ቱ ነገር ሌላ ነው። አውሮፓ ራሱ አንድ ቁጥር የለውም፣ የጀርመን 38 ለፈረንሳይ 40 ነው፣ ለጣሊያን 44። የአሜሪካን 8 ከ38 ጋር እኩል የሚያደርገው ሰንጠረዥ የጀርመኑን ይዞ ነው፣ ሱሪሽ በፈረንሳይ ልክ ተሰፍቶ ከሆነ 38ቱ አንድ ሳይዝ ያንሳል። በዛ ላይ የአሜሪካው በቫኒቲ ሰፍቶ ሲመጣ በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ይብሳል።

ግን ሁሉንም ቫኒቲ ነው አትበዪ። ወገቡ ዝቅ ያለ ጂንስ የሚቀመጠው ዳሌ አካባቢ ስለሆነ ጠርዙ መስፋት አለበት፣ በኢንች 28 ተብሎ 31 ቢለካ ትክክል ነው። ሌላው ሰው የማያውቀው ነገር እጥበት ነው፣ ጂንስ ከተሰፋ በኋላ ፋብሪካ ውስጥ ይታጠባል፣ ብዙ የታጠበው ነጣ ያለው እና ብዙም ያልታጠበው ጥቁሩ እኩል አይሰበሰቡም፣ ስለዚህ አንድ ብራንድ አንድ ሞዴል አንድ ቁጥር ሆኖ ቀለሙ ስለተለየ ብቻ ሊጠብሽ ይችላል። ፋብሪካውም ራሱ ወገብ ላይ አንድ ሴንቲ ወዲያ ወዲህ ቢል ብዙ ጊዜ ያሳልፈዋል፣ አንዱ በትልቁ ሌላው በትንሹ ከወጣ 2 ሴንቲ ልዩነት መጣ ማለት ነው።

አሁን እንዲህ አድርጊ። በደንብ ልክ የሆነሽን ጂንስ ቆልፈሽ ጠረጴዛ ላይ አንጥፊው፣ የፊትና የኋላው የወገብ ጠርዝ እኩል ይሁን፣ ከዳር ዳር ለክተሽ እጥፍ አድርጊው። 39 ሴንቲ ከሆነ ወገቡ 78 ነው። ሁለቱን ጂንሶችሽንም እንደዛው ለኪያቸው፣ እንበል የአሜሪካው 41 የቱርኩ 37 ቢወጣ አንዱ 82 አንዱ 74፣ 8 ሴንቲ ልዩነት ማለት ነው። ከዛ ዚፑ የሚያልቅበት ጋ ዳሌውን በዛው መንገድ ለኪ፣ እና ከእግር መሃል ስፌቱ እስከ ወገቡ ጠርዝ ያለውን ከፍታ። ከፍታውን አትዝለዪው፣ እሱ ካልተመሳሰለ ወገብን ከወገብ ማወዳደር አይቻልም፣ ሰውነትሽ ላይ የሚያርፉት የተለያየ ቦታ ነው።

ለእህትሽ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ላኪላት እንጂ 8 ነኝ አትበያት፣ ሱቅ ስትገባ ሜትር ይዛ ልብሱን ትለካዋለች። ስትሬች ከሆነ 2፣ 3 ሴንቲ ቢያንስም ይሳባል፣ ድርቅ ያለ ጂንስ ከሆነ ግን ከላክሽላት ልክ በታች እንዳትገዛ። ኦንላይን ከሆነ የምታዝዘው ደግሞ ሳይዝ ቻርት ላይ ያለው አብዛኛው የሰውነት ልክ ነው፣ የልብሱ አይደለም፣ እዛ ጋ ጂንሱን ሳይሆን ራስሽን ለክተሽ ነው የምታወዳድሪው።